ሣህሉ አበምኔት የሆነበት ክረምት

ልብስ ሰፊው ሣህሉ «ገዳም እገባለሁ» ማለት የጀመረው መቼ እንደሆነ ከሰፈሩ ሰው በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ጅማ ላይ ዝናብ መቼ መዝነብ ጀመረ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የስፌት መኪናው ቀበቶ ሲበጠስ «ግድ የለም፣ ገዳም እገባለሁ» ይላል። የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ እስከ ቀትር ሲጎተትም ያንኑ ይላል፤ ያን ጊዜ ግን በሹክሹክታ ነው። ሚስቱ የኔነሽ በነገር ስትረታው ደግሞ፣ ማለት በየቀኑ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ በረንዳው ላይ ይወጣና ለመንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይናገረዋል።

ከሱቁ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ሙሐመድሳኒ ይህን ሲሰማ ዘወትር መልስ አያጣም ነበር። «ያ ሣህሉ፣ እኛ ዘንድ ምንኩስና የለም። ሚስትህን ይዘህ ትጾማለህ፣ ሚስትህን ይዘህ ትሰግዳለህ። ከባዱ እሱ ነው፣ ወላሂ። ብቻውንማ ማን አይጸድቅም?»

ሣህሉ ግን የሚያወራውን ያውቃል። ሸዋ ውስጥ አጎቱ መነኩሴ ነበሩና ገና ጢም ሳያበቅል ወስደውት ሁለት ሦስት ዓመት ገዳም አገልግሏል። ውሃ ቀድቷል፣ እንጨት ፈልጧል፣ ለአረጋውያኑ እግር አጥቧል። ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ እጁ ላይ ያለው ሱሪ የማን እንደሆነ ሁሉ ይረሳል። ከወፍ በፊት ስለሚመታው የድንጋይ ደወል ያወራል። መቁነን ስለሚባለው፣ ለእያንዳንዱ መነኩሴ እኩል ስለሚታደለው የዕለት ምግብ ያወራል፤ አበምኔቱም ቁራሹን የሚቀበሉት ከውሃ ቀጂው እኩል ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ዝምታው ነው። «ዝምታ እዚያ እንዲህ እንዳይመስላችሁ፣» ይላል፣ «ይነካል። እንደ ጥጥ ይዳሰሳል።» ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እየፈራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት የለመደበት ዘመን ስለነበር፣ በፍርሃት ያልመጣ ዝምታ አለ ማለቱ ለሰሚው እንደ ተረት ነበር። ስለዚህ እያላገጡበትም ያዳምጡት ነበር።

ከዚያ ገዳም የወጣው አጎቱ ሲሞቱ ነው። ቡና ሊጭን በሚመጣ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ጅማ ገባ፤ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተማረ፤ የኔነሽን በቁርባን አገባ። ከእሷ ቆንጂትን ወለደ። ቆንጂት አድጋ አሰንዳቦ ከተማ የሚኖር ባለ ወፍጮ ቤት ባገባች ዓመት፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ሣህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ሳይቆጣ ተናገረው። ማታ አይደለም፣ ስካር ላይ አይደለም፤ ረፋድ ላይ፣ ቁልፍ እየተከለ።

«የኔነሽ፣ ከመጪው ፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።»

«ሂድ» አለችው፤ የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጥሳ።

ሣህሉ ይህን ያህል በቀላሉ ትለዋለች ብሎ አልጠበቀም። ትንሽ ቅርም ብሎት ነበር።

የንስሐ አባታቸው አባ ጎሳዬ ራሳቸው መነኩሴ ነበሩ። ባለትዳር ቄስ ሳሉ ሚስታቸው ሞተችባቸውና፣ ቄስ ሁለተኛ አያገባምና፣ ቆብ ጫኑ። በምንኩስና የወጣላቸውን ስም ግን የሰፈሩ ሰው ሊለምደው ስላልቻለ በዱሮ ስማቸው ቀሩ። ሣህሉ ሐሳቡን ሲነግራቸው ሰውነቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። መነኩሴ የሚገባው ሦስት ቃል ነው፣ ንጽሕና፣ ድህነትና መታዘዝ፣ አሉት። «ንጽሕናው በአንተ ዕድሜ እምብዛም አያስቸግርም። ድህነቱን ልብስ ሰፊ ለምዶታል። የምፈራልህ መታዘዙን ነው።» ደግሞም አከሉበት፦ በቁርባን የተጋቡ ሰዎች አንድ አካል ናቸውና አንዱ ተነስቶ ልመንን ቢል ሌላው ወዶ፣ በካህን ፊት፣ በአንደበቱ ካልፈቀደ ገዳም አይቀበለውም። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱን አስቀምጠው ይጠይቋቸዋል።

«የእሷ አልቋል አባቴ፣ ሂድ ብላኛለች» አለ ሣህሉ።

«የተቆጣ ሰው ሂድ ይላል። እኔ የምጠይቀው ፈቃድ ነው።»

የሰፈሩ ሰዎች «ህንዱ» የሚሉት የሒሳብ መምህር ወደ ሱቁ የመጣው በዚያው የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ ለቃሚው ሁሉ እጁ ላይ ሳንቲም ገብቶለት ለልጁ ልብስ የሚያሰፋበት፣ ሣህሉም የገበያ ቀን መኪናውን አሸክሞ ሰርቦ ድረስ የሚወርድበት ሰሞን። መምህሩ ህንድ አልነበረም፤ ስሪላንካዊ ነው፤ ስሙም ዊጄራትነ። ይህን በየጊዜው ያስረዳ ነበር። ሰውም በየጊዜው «እሺ» ይልና ህንዱ ብሎ ይጠራዋል። ጅማ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ ከነኦሮምኛው ይናገራል፤ ብቻ ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ አንቀጽ ይጠራል፤ ስለዚህ ሣህሉን «አንቺ» የሚለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ አገር ቤት ከሞተች ቆይታለች።

አንድ ጥቅልል ነጭ አቡጀዲ ይዞ ገባ። አቡጀዲ ያኔ በኅብረት ሱቅ በተራ የሚገኝ፣ ሰው ለመግነዝ ጭምር አስቀምጦ የሚጠብቀው ነገር ነው። መምህሩ ከቤተሰብ ራሽኑ ስንት ወር አጠራቅሞት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጨርቁን ዘርግቶ፣ ሣህሉ በቁራጭ ቁራጭ እንዲቀድለትና መልሶ እንዲሰፋው ለመነው።

ሣህሉ፣ መምህሩ አማርኛው ጠፍቶበት መሰለው። ምን ያህል ቦታ እንደተቀደደ ለማየት ጨርቁን አገላበጠው፤ ምንም የለውም፤ ድፍን አዲስ ነው።

«ለምን ይቀደዳል?»

መምህሩ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሠራለት። ረጅም ቁራጭ፣ አጭር ቁራጭ፣ በመካከላቸው እንደ ድንበር የሚያልፍ ቀጭን ቅዳጅ፣ ዙሪያውን ጠርዝ። ከኮረብታ ሆነው ሲያዩት የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ የአገሩን የሩዝ ማሳ። የመነኩሴ ልብስ እንዲህ ነው አለ፤ ድሮ ከቆሻሻ ከተጣለ ጨርቅ ይሰፋ ነበር፤ ዛሬ አዲስ ቢሆንም ተቆራርጦ ነው የሚሰፋ። ከተቆራረጠ ሌባ አይመኘውም፣ ነጋዴ አይገዛውም፣ ባለቤቱም አይኮራበትም። የትምህርት ቤቱ ውል በሰኔ ያልቃል፤ አገሩ ሲገባ ይመነኩሳል።

እዚህ ላይ ሣህሉ መነጽሩን አወለቀ። በሕይወቱ ሌላ መናኝ አገኘ፤ እሱም ህንድ! ሲሠራ ውሎ ሲያወራ ዋለ። የኔነሽ ጥግ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራች ታዳምጣለች።

መምህሩ በልጅነቱ፣ ገና በዐሥር ዓመቱ፣ ራሱን ተላጭቶ መቅደሳቸው ገብቶ ነበር። ልጅ የሚገባው በጀማሪ ማዕረግ፣ ዐሥር ትእዛዝ ይዞ ነው። ሙሉ መነኩሴ የሚሆነው ሃያ ዓመት ሲሞላው ነው፤ እሱ ሊሞላው ሲል ተወው፤ ከተማ ሄዶ ሒሳብ ተማረ። እነሱ ዘንድ መነኩሴ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምስም። ገንዘብ በእጁ አይነካም። ጠዋት ጠዋት ጎድጓዳ ሳሕኑን ይዞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በየደጁ ያልፋል፤ የሰጡትን ይበላል፣ ካልሰጡትም ያልፋል። («እንደ ቆሎ ተማሪ፣» አለ ሣህሉ፣ «ብቻ የእኛ ይጮኻሉ።») ንብረቱ ስምንት ነገር ነው፦ ሦስት ልብስ፣ ሳሕን፣ መታጠቂያ፣ ምላጭ፣ ውስጡ ያለ ነፍሳት እንዳይሞት ውሃ የሚያጠልበት ጨርቅ፣ ደግሞም መርፌ።

«መርፌ አልክ?» ሣህሉ በደስታ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «ሰማሽ የኔነሽ? መርፌ አላቸው!»

«ሰማሁ። ክርስ?» አለች።

ሣህሉም በተራው ተረከ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ አመክሮ ነው፤ ዓመታት ታገለግላለህ፤ ይፈትኑሃል፤ ያለ ጥፋትህ ይቆጡሃል። ካለፍክ፣ በመግነዝ ተጠቅልለህ ትተኛና ጸሎተ ፍትሐት ይደርሱልሃል፤ ለሬሳ የሚደረሰው ያው። ለዓለም ሞተሃል ማለት ነው። ተነስተህ ቀሚሱን፣ መታጠቂያውን ቅናት፣ ቆቡን ትለብሳለህ፤ አዲስ ስም ይወጣልሃል። አስኬማው፣ የላይኛው ማዕረግ ልብስ፣ በኋላ ለበቁት ነው። ቆብ ከጫንክ በኋላ መመለስ የለም፤ ቆቡን የጣለ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ይነሳል።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በእነሱ ሕግ መመለስ ይቻላል፤ ለአንድ የሚሰማ ሰው «ትቼዋለሁ» ማለት ይበቃል፤ አንዳንድ አገርማ ወጣት ሁሉ ለአንድ ክረምት መንኩሶ ይወጣል፤ በእሱ አገር ግን ሕጉ ቢፈቅድም ሰው ያማል። አራት ነገር ያደረገ ብቻ በዚህ ሕይወቱ ዳግመኛ መነኩሴ አይሆንም፦ ከሴት የተኛ፣ ያልተሰጠውን የወሰደ፣ ሰው የገደለ፣ አራተኛው ደግሞ ያልደረሰበትን የቅድስና ማዕረግ ደርሻለሁ ብሎ የዋሸ።

የኔነሽ በመርፌዋ ወደ ባሏ ጠቆመች። «መምህር፣ አራተኛውን ድገሙለት።»

አቡጀዲው ብጫ መሆን ነበረበት፤ መምህሩ አገር በሚፈላ እንጨት ይቀለማል፤ ያ እንጨት ጅማ የለም። የኔነሽ ናት መፍትሔ ያመጣችው። የእኛም መነኮሳት ልብሳቸውን ብጫ የሚያቀልሙበት ወይባ የሚባል ቅርፊት አለ፤ ከገበያ አስፈልጋ አስመጣች፤ በበርሜል አፈላችው። ልብሱ ጓሮ ሲሰጣ አባ ጎሳዬ በአጥሩ አልፈው አዩትና ለሣህሉ ገና ሳይፈቀድለት ምነው ቸኮለ ብለው ተቆጡ፤ የህንዱ ነው ሲሏቸው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቆመው ስፌቱን ተመለከቱና ሄዱ።

መምህሩ ልብሱን ሊወስድ በመጣ ዕለት ነው ነገሩ የተነሳው። ቡናው አብቦ የከተማው ዳር ሁሉ የሚያውድበት ጊዜ ነበር። ሣህሉ እንደዘበት፣ እናንተስ ዘንድ ፈቃድ ይጠየቃል ወይ አለው። መምህሩም፣ ይጠየቃል እንጂ፣ መነኩሴ ሊሆን የመጣ ሰው በጉባኤ መካከል ቆሞ ከሚጠየቃቸው አንዱ እናትና አባትህ ፈቅደዋል ወይ የሚል ነው፤ ዕዳ አለብህ ወይ፣ የመንግሥት ወታደር ነህ ወይም ይባላል አለ። እሱ እናቱ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ፈቅደውለታል። ሕጉ የመጣበትንም አጫወታቸው፦ መምህራቸው ቡድሃ የንጉሥ ልጅ ሳለ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ተኝተው ጥሏቸው ወጣ። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ልጁም ተከትሎት መነኮሰ። ያን ጊዜ ሽማግሌው አባቱ መጥተው፣ አንተ ስትሄድ ሐዘኑ ቆዳዬን ቆረጠ፤ ይህ ልጅ ሲሄድ ሥጋዬን ቆርጦ፣ አጥንቴን ቆርጦ፣ መቅኔዬ ውስጥ ገባ፤ ከእንግዲህ ወላጅ ሳይፈቅድ ማንንም አታመንኩስ አሉት። እሱም እሺ አለ።

የኔነሽ ሥራዋን አቆመች። «ሚስቲቱስ? እሷን የጠየቃት አለ?»

መምህሩም «የለም» አለ። «በኋላ እሷም መነኮሰች።»

«እሰይ» አለች የኔነሽ። ለሴቶች ግን መንገዱ ረጅም እንደነበር መምህሩ ጨመረ፦ መጀመሪያ የጠየቁት ሴቶች ሦስት ጊዜ ተከልክለዋል፤ ጠጉራቸውን ቆርጠው፣ እግራቸው አብጦ፣ አቧራ ለብሰው ደጅ ቆመው ነው የተፈቀደላቸው፤ ያውም በተጨማሪ ሕግ። በእሱ አገር ደግሞ የሙሉ መነኮሳይያቱ ሐረግ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተቋርጧል፤ ዛሬ ብጫ ለብሰው ዐሥር ትእዛዝ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤ ከመነኮሳቱ ግን አይቆጠሩም።

«በእኛ አልተቋረጠም» አለች የኔነሽ ቀስ ብላ። ሣህሉ በሰዓቱ መኪናውን ዘይት እየቀባ ስለነበር ልብ አላለም።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አባ ጎሳዬ መጡ። የኔነሽ ቤቱን ጠርጋ ነበር። ሣህሉ አዲስ ኮት ለብሷል፤ ኮት ለብሶ ዓለምን ሊንቅ። ሙሐመድሳኒም ነገሩ ጎረቤትን ስለሚመለከት ከደጃፉ ቆሟል። አባ ጎሳዬ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠየቁ።

«የኔነሽ፣ ባልሽ ሣህሉ ዓለምን ትቶ ሊመንን ይፈልጋል። ሳትገደጂ፣ ሳትቆጪ ትፈቅጅለታለሽ?»

«እፈቅዳለሁ አባቴ።»

ሣህሉ ራሱን ዝቅ አደረገ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አባ ጎሳዬ ሊነሱ ሲሉ የኔነሽ፣ እኔም የምጠይቀው አለኝ፣ ይቀመጡልኝ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች።

«አንተስ ለእኔ ትፈቅድልኛለህ?»

«ምኑን?»

«ቆቡን ነዋ።»

ሣህሉ ሳቀ። ደጃፍ ያለው ሙሐመድሳኒ ግን አልሳቀም፤ እሱ ፊቷን ልብ ብሎ አይቷል። ሣህሉም ቆይቶ አየ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ስለ ገዳም ሲያወራ አንዲት ቀን እኔም አላለችም። አባ ጎሳዬ ሐዘን ነው ወይ፣ ኩርፊያ ነው ወይ ብለው በየዋህ ድምፅ ጠየቋት። ሐዘን ቢሆን እዚሁ ይበቃኛል አለች። በጾም ወቅት፣ ሰው ሳይነሳ ብቻዋን ለጸሎት ስትቆም የሚመጣላት ነገር እንዳለ፣ ለማንም ነግራ እንደማታውቅ ተናገረች። «ምን እንደሆነ አላውቅም አባቴ። ደስ ይለኛል። እሱን ደስታ ቀኑን ሙሉ ብኖርበት ብዬ ነው፤ ሌላ የለውም።»

አባ ጎሳዬ ወደ ሣህሉ ዞሩ። «እሺ፣ እሷም ከሄደች አንተስ ትሄዳለህ?»

ሣህሉ አፉን ከፈተ። በሐሳቡ ያለው ገዳም ሁልጊዜ በአንድ በኩል መስኮት ነበረው፤ በመስኮቱ ደግሞ ጅማ ይታያል፤ በረንዳው፣ መኪናው፣ የኔነሽ ተቀምጣ ክር ስትበጥስ፣ መንገደኛ ሲጠይቃት «መንኗል» ስትል። ትቶ የሚሄደው እሷን ነበር። እሷ ከሌለች ምኑን ይተዋል? ባዶ ቤት መተው ምንኩስና ነው ወይ? ይህን ሁሉ ማለት አልቻለም። «አልፈቅድም» ብቻ አለ።

«ለራስህ ነው ለእሷ?»

«ለሁለታችንም!»

አባ ጎሳዬ ተነሱ። ያለ ፈቃድ ቆብ የለም፤ ሣህሉ ካልፈቀደ የኔነሽ አትሄድም፤ ነገሩ በዚሁ ይቆማል። ሙሐመድሳኒ ከበሩ ዞር ሲል ለራሱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

ሰኔ ላይ መምህሩ ሊሰናበት መጣ። ሣህሉ በረንዳው ላይ ነጠል አድርጎ፣ እናትህ ባይፈቅዱልህስ ምን ታደርግ ነበር ብሎ ጠየቀው።

«እጠብቅ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እናቴ እስኪፈቅድ፣ ወይ እኔ እስክሞት» አለና፣ በዚያ ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቀጹን አስተካክሎ፣ «አንተ ፈራህ?» አለው። ሣህሉ ሻንጣውን አንስቶ እስከ አውቶቡስ ሸኘው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ።

የኔነሽ ሁለተኛ አልጠየቀችም። አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም፣ ለቆንጂትም አልነገረችበትም። ያደረገችው ነገር ቢኖር አመክሮዋን እዚያው ቤት ውስጥ መጀመር ነው። አልጋውን ለእሱ ትታ መሬት ላይ ቁርበት አነጠፈች። በቀን አንዴ ትበላለች። ገዳም ቢሆን አበምኔት ወይም እመምኔት ይኖራት ነበር፤ እዚህ ያለው ሣህሉ ነው። ስለዚህ ታዘዘችው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እነሱን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚረዳው። እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ዓመት የኖሩት በክርክር ነው። ስለ ጨው ይከራከራሉ፣ ስለ ሰዓት ይከራከራሉ፣ ካድሬው የተናገረው ውሸት የትኛው እንደሆነ ቤት ዘግተው ይከራከራሉ። ጠዋት የኔነሽ ድምፅ ካልተሰማ ሙሐመድሳኒ ታመመች ወይ ብሎ ይልክ ነበር። አሁን ሣህሉ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ሲል፣ የኔነሽ ጎንበስ ብላ «ይቅር በለኝ» ትላለች። ጨው ደግሞ አልበዛበትም፤ እሱም ያውቃል። አንድ ቀን በብስጭት፣ ሰማዩ ዝናብ ተሸክሞ ጠቁሮ ሳለ፣ ዛሬ አይዘንብም፣ ልብሱን አስጪው አላት። አሰጣችው። ዘነበ። አንድ ቃል ሳትል ሰብስባ እንደገና አጠበችው።

«ምነው አንዴ እንቢ ብትይ!» አላት።

«እንቢ በይ ካልከኝ እላለሁ» አለችው።

ሙሐመድሳኒ «አበምኔት ሆይ፣ ገዳሙ እንዴት ዋለ?» እያለ በየጠዋቱ ሰላምታ ያቀርብለታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደሬሳ ሳይቀር ወሬው ደርሶት፣ ሣህሉ ቤት ውስጥ የተመሰረተው ማኅበር በቀበሌው አልተመዘገበም ብሎ ቀለደ። ሣህሉ ግን መቀለድ አቅቶታል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። ልጅ ሳለ የሚያውቀው፣ እንደ ጥጥ የሚዳሰሰው ዝምታ ቤቱ ድረስ መጥቶለት፣ እሱ ግን ውስጡ መቀመጥ አልቻለም፤ ሰበብ እየፈለገ ሙሐመድሳኒ ሱቅ ይሄዳል። የኔነሽን በጨረፍታ ያያታል። እሷ ዝምታው ውስጥ ወንበር እንዳገኘ ሰው ተቀምጣለች።

አንድ ቀን፣ ነሐሴ ውስጥ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ትዕግሥቱ አለቀ። የአበምኔቱን ሥልጣን እስከ መጨረሻው ተጠቀመበት።

«ትታዘዢኛለሽ አይደል? እንግዲህ አዝሻለሁ። ይህን የገዳም ሐሳብ ተይው። ከልብሽ አውጪው።»

የኔነሽ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ሣህሉ ጠበቀ፤ አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ትሰድበኛለች፣ የድሮዋ የኔነሽ ትመጣለች ብሎ።

«እሺ» አለች። «ትቼዋለሁ።»

መርፌዋን መልሳ አነሳች።

እውነቷን ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ውሸቷን ከእውነቷ ይለያል። የምትወደውን አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሰጠችው። ሣህሉ ያኔ አጎቱ የሚሉትን አስታወሰ፤ የመነኩሴ የመጨረሻ ንብረቱ ፈቃዱ ነው፣ እሱን የሰጠ ቆብ ባይጭንም መንኩሷል ይሉ ነበር። ተቀምጦ እጆቹን አያቸው። ያልተሰጠውን የወሰደ መነኩሴ አይሆንም ያለው ህንዱ ነው። ይህስ ተሰጠኝ ወይስ ወሰድኩ? ምሳውን ሳይቀምስ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላሽን አድርጊ፣ አባ ጎሳዬ ጋ እንሄዳለን አላት። ለምን ሳትል ተከተለችው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። አባ ጎሳዬ ከቅዳሴ ወጥተው ከዛፍ ሥር ነበሩ።

«አባቴ፣ ያን ጊዜ ለጠየቁኝ መልሴን አምጥቻለሁ። ሳልገደድ፣ ሳልቆጣ...» ወደ የኔነሽ ዞሮ አያት። «ፈቅጃለሁ። ትሂድ።»

«ኧረ እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለች የኔነሽ። «ትናንት ተይው አልከኝ፣ ተውኩት። ዛሬ ደግሞ ሂጂ? ማን ጠየቀህ? አባቴ ፊት ድረስ አምጥተህ...»

እዚያው ጭቃው ላይ ቆማ ተከራከረችው። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሣህሉ እያለቀሰ ሳቀ፤ አባ ጎሳዬም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ።

መስከረም ሲጠባ ሄደች። ከከተማው ለመውጣት የቀበሌ መሸኛ ስለሚያስፈልግ ሣህሉ ራሱ ጓድ ደሬሳ ዘንድ ቀረበ። ጓድ ደሬሳ ብዕሩን ይዞ፣ ጉዳዩ ምን ልበል፣ ከአምራች ኃይል መቀነስ ልበል እያለ ትንሽ አላገጠበትና፣ መጨረሻ ላይ ዘመድ ጥየቃ ብሎ ጻፈለት፤ ማሕተሙን ሲመታ «በእኛ በኩል ሰላም በልልን» አለው፣ ማንን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

የሴቶቹ ገዳም ሸዋ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት አገለገለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሣህሉ ለብቻው ቀመቀመ፣ ለብቻው ሰፋ፣ ከራሱ ጋር እየተከራከረ። «ገዳም እገባለሁ» የሚለው ቃል ዳግመኛ ከአፉ አልወጣም። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት አባ ጎሳዬ ጠርተውት ቀኑ መቆረጡን ነገሩት፤ ሄደ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ፣ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ አየ። በመግነዝ ተጠቅልላ መሬት ላይ ተኝታ፣ ጸሎተ ፍትሐት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደረሰላት። ከዚያ ተነሳች። ብጫ ቀሚስ ለበሰች፣ ቅናቱን ታጠቀች፣ ቆቡን ጫኑላት። ስሟ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ሆነ። ሲሸኙት ከሩቅ እጅ ነሳችው፤ እሱም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ጅማ የደረሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአውቶቡስ ወርዶ ሰፈሩ ሲደርስ በራፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

እድሩ ነው። እሱ በሌለበት ትልቅ ሙግት ሆኖ ነበር አሉ። ገሚሱ፣ ፍትሐት የተፈታለት ሰው ሞቷል፣ ድንኳን ይገባል ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ይለቀሳል ወይ፣ ነገ ሌላው ሁሉ መንኜ ሞቻለሁ ቢል ምን ይደረጋል ብሎ ተከራከረ። የእድሩ ሊቀ መንበር መተዳደሪያ ደንቡን ቢያገላብጡት ስለዚህ ነገር የተባለ የለም። በመጨረሻ፣ እሷ ብትሞትም ባትሞትም ሣህሉ ቤት ሲገባ ብቻውን መሆን የለበትም ተብሎ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። የሙሐመድሳኒ ሚስት ባህሪያ ሙስሊም ብትሆንም ሴቶቹን ሰብስባ የምታስተናግደው እሷ ነበረች።

ሣህሉ ሻንጣውን ይዞ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ግን ማልቀስ ይሁን እንኳን ደስ አለህ ማለት፣ የሚጀምር ጠፋ። ሙሐመድሳኒ ወጥቶ ሻንጣውን ተቀበለው።

«ያ ሣህሉ፣ ማሎ አትቀየመን፣ ግራ ገብቶን ነው። አላህ ያጽናህ ልበል ወይስ መብሩክ ልበል?»

ሣህሉ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ የተነሱትን ሰዎች አየ።

«እሷን ደስ ብሏታል» አለ። «እኔን አጽናኑኝ።»

ለሐዘንተኛ በተተወው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ሙሐመድሳኒም ጫማውን ከድንኳኑ በር አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ወንዶቹ አንድ በአንድ እየገቡ ቦታቸውን ያዙ።